ምርጡን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት ዎክ ፎርዋርድ አድርጉ

የሁለት ሙቪንግ አቬሬጅ ስልት በዩሮ/ዶላር ላይ ኦፕቲማይዝ ስታደርጉ፣ ማለትም የአማካዮቹን ርዝመት እየቀያየራችሁ በያለፈው ዋጋ ስትሞክሩ፣ 17 እና 43 አንደኛ ወጡ እንበል። ጎረቤቶቻቸው 16 እና 44 ከከሰሩ ግን ቁጥሮቹ የተሰፉት ላለፈው ዋጋ ልክ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዎክ ፎርዋርድ አድርጉ፦ በ2015–2017 መረጃ ምርጡን ፈልጉና ሳትነኩት በ2018 ሞክሩት። ቀጥሎ በ2016–2018 ፈልጋችሁ በ2019 ሞክሩ፤ እንዲያ እያላችሁ ቀጥሉ። የምትመዝኑት የሙከራ ዓመታቱን ውጤት ብቻ አገጣጥማችሁ ነው፣ ስፕሬድና ኮሚሽን ተቀንሶ። ትርፉ በሙሉ ከአንድ ዓመት ከመጣ፣ ወይም ምርጡ ቁጥር በየዙሩ ከ10 ወደ 80 ከዘለለ፣ እኔ ስልቱን እጥለዋለሁ።

በMetaTrader 5 የስልት መሞከሪያ ላይ ያለው Forward ምርጫ መረጃውን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚከፍል፣ ለየዙሩ ቀኑን ራሳችሁ መቀየር አለባችሁ። ውጤቱን እያያችሁ ደንቡን ከለዋወጣችሁ ደግሞ የሙከራ ዓመታቱም የፍለጋው አካል ሆኑ፤ ያልነካችሁት አዲስ መረጃ ያስፈልጋችኋል።