የደመወዝ ስኬል ሲሠራ ነገር የሚበላሸው የት ነው?

የሥራ ምዘና ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህችን ንግግር ያውቃታል፦ «ኧረ እሱ እኮ ጎበዝ ነው፣ ነጥቡን ከፍ አድርጉለት።» የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። የሚመዘነው የሥራ መደቡ ነው። ሰውየው ነገ ቢለቅም መደቡ እዚያው ይቆያል። እኔ በነበርኩበት ኮሚቴ ከሥራ ዝርዝሩ ላይ ስም አጥፍተን ነበር የምንመዝነው። እውነቱን ለመናገር ግማሾቹን እናውቃቸው ነበር። ቢሆንም ክርክሩ በረድ አለ። ጉብዝና የሚታየው በደረጃው ውስጥ፣ እርከን ሲጨመር ነው።

ሁለተኛው ለወረቀት ማድላት ነው። አንድ የዱቄት ፋብሪካ እናስብ። ከ1,000 ነጥብ 400 ለእውቀትና ልምድ፣ 350 ለኃላፊነት፣ 150 ለድካም፣ 100 ለሥራ አካባቢ ተመድቧል። ስቶር ኪፐሯ 160፣ 210፣ 90 እና 60 አገኘች፤ ድምሩ 520። አካውንታንቱ 240፣ 175፣ 75 እና 20፤ ድምሩ 510። ከ500 እስከ 599 አንድ ደረጃ ስለሆነ ሁለቱ እኩል ወደቁ። ደመወዛቸው ግን እሷ 9,500 ብር፣ እሱ 14,000 ነው።

ኮሚቴው ይደነግጣል። «ዲግሪ ያለው ሰው እኮ ኃላፊነቱም ይበዛል» ይባልና ለዲግሪው በእውቀት የተሰጠው ነጥብ በኃላፊነት ስም ይደገማል። አዲሱ ስኬል አሮጌውን ደመወዝ ቁርጥ አድርጎ ከመሰለ፣ አንድ ሰው ውጤቱን አይቶ ነጥቡን አስተካክሏል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ መመዘኛ የሚመደበው ነጥብ ውጤት ከመታየቱ በፊት ይጽደቅ። ክርክር ከተነሳም ሰዓቱ የሚጠፋው በሥራው ላይ ይሁን፦ ስንት ብር የሚያወጣ ዕቃ በእጇ ነው? ቢጎድል ማን ይጠየቃል?

ሦስተኛው ብዙዎች የሚያልፉት ነው። የደረጃው መካከለኛ ደመወዝ 12,000 ተባለ እንበል። 20 በመቶ ወደ ታችና ወደ ላይ ሲዘረጋ መነሻው 9,600፣ ጣሪያው 14,400 ይሆናል። ስቶር ኪፐሯ ከመነሻው በታች ስለሆነች 100 ብር ተጨምሮላት 9,600 ገባች። ፋይሉ ተዘጋ። በወሩ አዲስ ስቶር ኪፐር ሲቀጠር እሱም የሚጀምረው በ9,600 ነው። እሷ ግን 10 ዓመት ሠርታለች!

መፍትሔው ቀላል ሒሳብ ነው። በመነሻውና በጣሪያው መካከል ያለው 4,800 ብር ለ8 እርከን ሲካፈል እያንዳንዱ 600 ይደርሰዋል። ልምዷ 4 እርከን ያስገኛል ከተባለ 12,000 ላይ ትቀመጣለች። በጀቱ ካልቻለ በሁለት ዓመት ይከፈል፤ ቀኑ ግን በደብዳቤ ይጻፍላት።

ከጣሪያው በላይ የተገኘ ሰው ካለ ደመወዙ አይቀነስም። ስኬሉ እስኪደርስበት ጭማሪው ይቆማል። ይህንንም ከወር ደመወዝ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከአለቃው አፍ ይስማ።