በመሥሪያ ቤት የምስጢር ስጦታ ልውውጥ ሲደረግ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የገና በዓል ሲቃረብ በአዲስ አበባ በሚገኙ አንዳንድ ቢሮዎች ሠራተኞች የባልደረቦቻቸውን ስም በዕጣ እያወጡ፣ ማን ለማን እንደደረሰ ሳይታወቅ ስጦታ ይለዋወጣሉ፤ አብዛኛው ሰው ይህን ልውውጥ የሚያውቀው «ሲክሬት ሳንታ» በሚለው ስሙ ነው። ጨዋታው የአንድ ሰዓት ቢሆንም ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታውን ዓመቱን ሙሉ ይዞት ሊቆይ ይችላል፤ ምክንያቱም ይሉኝታ ስላለ ስጦታው ያልሆነለት ሰው «አልሆነልኝም» ብሎ አይናገርም፣ ከአቅሙ በላይ ያወጣውም «ከበደኝ» አይልም። ስለዚህ ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገረውን ሁሉ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ የሠፈረ ደንብ ሊናገርለት ይገባል። ይህን ልውውጥ ሦስት ጊዜ ያስተባበርኩ ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት፣ 14 ሠራተኞች በነበሩበት ቢሮ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኛዎቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ጣሪያውን ወስኖ ወለሉን መተው

በዚያ ዓመት ያወጣነው ደንብ «ዋጋው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ይህን አንዱ «1,000 ብር አውጣ» ብሎ ተረዳው፣ ሌላው ደግሞ «ከ1,000 በታች የፈለግከውን ያህል» ብሎ ተረዳው። ውጤቱም አንዲት ባልደረባችን የ250 ብር ኩባያ ስትቀበል አጠገቧ የተቀመጠችው የ1,000 ብር ሻርፕ መቀበሏ ነበር። ከሁለቱም የባሰው ግን የመምሪያ ኃላፊው ስም የደረሰው ወጣት ነው፤ ለአለቃ ትንሽ ነገር መስጠት አሳፍሮት የ2,600 ብር የቆዳ ቦርሳ ገዛ። ኃላፊውም አፈሩ፣ ሰጪውም ወሩን በብድር ጨረሰ፣ የቀሩትም በሌላ ዓይን ተመለከቱት። ወለልና ጣሪያ ያለው ገደብ፣ ለምሳሌ «ከ800 እስከ 1,000 ብር፤ ለማንም ሰው ቢሆን ከዚህ አይወጣም» የሚል፣ በተለይ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ሰው ነው፤ ትንሽ የሰጠው ከንፉግነት ሳይሆን ከደንቡ የተነሣ መሆኑ ይታወቅለታል።

ጣሪያው ራሱ ሲወሰን ደግሞ በስብሰባ ላይ «ስንት ይሁን?» ብሎ መጠየቅ አይበጅም፤ ደመወዙ አነስተኛ የሆነው የጽዳት ሠራተኛ ወይም መልእክተኛ በሰው ፊት «ይበዛብኛል» ሊል አይችልምና። እያንዳንዱ ሰው ሳይጨነቅ ሊያወጣ የሚችለውን ከፍተኛ ገንዘብ ስሙን ሳይጽፍ በብጣሽ ወረቀት ላይ ያስፍር፤ ከዚያም የሚወሰደው አማካዩ ሳይሆን ዝቅተኛው ቁጥር ነው። በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ስናደርግ አብዛኛው ሰው 1,000 ሲጽፍ አንዱ 3,000፣ አንዱ ደግሞ 600 ጽፎ ነበር። ገደቡን ከ500 እስከ 600 ብር አደረግነው። ባለ 3,000ው ጥቂት ማጉረምረሙ አልቀረም፤ ነገር ግን ከአቅሙ በታች በማውጣቱ የተጎዳ ሰው የለም።

ገደቡ ግልጽ የሚሆነው ምን ምን እንደሚጨምር ሲነገር ነው። በአንዳንድ ሱቆች ዕቃው ላይ የተለጠፈው ዋጋ የተጨማሪ እሴት ታክስን ስለማያካትት 1,000 ብር የተባለው ዕቃ በ15 በመቶው ታክስ 1,150 ብር ይሆናል፤ ጣሪያው 1,000 ከሆነ መፈለግ ያለበት ከታክስ በፊት ከ869 ብር ያልበለጠ ዕቃ ነው። እኛ የምንጠቀመው ደንብ በደረሰኙ ላይ ያለው ጠቅላላ ድምር ይታያል፣ የመጠቅለያና የትራንስፖርት ወጪ ግን አይቆጠርም የሚል ነው።

ጊዜውንም ከገንዘቡ ጋር አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል። ገና ታኅሣሥ 29 (በአንዳንድ ዓመት 28) ስለሚውል ደመወዙን በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ የሚቀበል ሠራተኛ የታኅሣሥን ደመወዝ ሳያገኝ የዶሮውና የቅቤው ወጪ ይደርስበታል። ዕጣው በኅዳር መጨረሻ ከወጣ ግን ስጦታውን በኅዳር ደመወዝ ገዝቶ ማስቀመጥ ይችላል።

ዕጣውን እንደ እቁብ ማውጣት

በእቁብ የራስህ ስም ቢወጣ ደስታ ነው፤ እዚህ ግን ጨዋታውን ያፈርሰዋል። ሰው ሁሉ ስሙን ጽፎ ባርኔጣ ውስጥ ከጨመረ በኋላ በየተራ ቢያወጣ፣ ቢያንስ አንድ ሰው የራሱን ስም የማውጣቱ ዕድል ከመቶ 63 ያህል ነው፤ ተሳታፊው 14 ቢሆን ወይም 40 ይህ ቁጥር አይለወጥም ማለት ይቻላል። የራሱ ስም የደረሰው ሰው ወረቀቱን መልሶ ሌላ ሲያነሣ ደግሞ ጉዳዩ በከፊል ይገለጣል፤ ባርኔጣው ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ ወረቀት የመጨረሻው ሰው ስም ከሆነችማ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። አስተባባሪው ራሱ ቢደለድልም ምስጢሩን ሁሉ ስለሚያውቅ መጫወት አይችልም።

ከዚህ የሚያድን ቀላል መንገድ አለ። በ14 እኩል ካርዶች ላይ ከ1 እስከ 14 ያሉት ቁጥሮች ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ያው ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ይሠፍራል። ካርዶቹ በፊታቸው ተደፍተው በሚገባ ይደባለቁና በአንድ ረድፍ ይደርደሩ። ከዚያ ሁሉም መካከላቸው ላይ ለሁለት ይቆረጡና የታችኞቹ ግማሾች በአንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይገፋሉ፤ በቀኝ ጫፍ ትርፍ የሆነችው ግማሽ ወደ ግራ ጫፍ ትመለሳለች። አሁን እያንዳንዱ የላይ ግማሽ ከሥሩ ካረፈው የታች ግማሽ ጋር፣ ሳይታይ፣ በአንድ ፖስታ ይገባል፤ ፖስታዎቹም እንደገና ይደባለቃሉ። ሁሉም አንዳንድ ፖስታ ያነሣል። የላይኛው ግማሽ የራሱ ቁጥር ስለሆነ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ከዚያ ቁጥር አጠገብ ስሙን ይጽፋል፤ የታችኛው ግማሽ ደግሞ ስጦታ የሚሰጠውን ሰው ቁጥር ይነግረዋል። የታችኞቹ ግማሾች በሙሉ ስለተገፉ የራሱ ቁጥር የሚደርሰው ሰው የለም፤ አስተባባሪውም ምንም ስላላየ እንደ ሌላው ይጫወታል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ከመቁረጥ በፊት መደባለቁን መዘንጋት ነው። ካርዶቹ በቁጥራቸው ተራ ከተደረደሩ እያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው ከቁጥሩ ቀጥሎ ወይም ቀድሞ ላለው ይሆናል፤ ዝርዝሩን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀቱም ቀለም የሚያሳልፍ ስስ መሆን የለበትም።

በመሀል ለሚቀር ሰው አለመዘጋጀት

ከዕጣው በኋላ ሥራ የሚለቅ፣ የወሊድ ፈቃድ የሚወጣ ወይም በመስክ ሥራ የሚቀር ሰው አይጠፋም። በካርዱ ዘዴ ሰጪዎቹ ሁሉ በአንድ ክብ ስለተያያዙ መጠገኑ ቀላል ነው። ለምሳሌ 7 ቁጥር የነበረው ሰው ሊሰጥ የነበረው ለ3 ቁጥር ከሆነ፣ ወረቀቱን ለአስተባባሪው ይመልስና «7 ቁጥር የደረሰው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ለ3 ቁጥር ይሰጣል» ተብሎ ይለጠፋል። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ከራሱ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። የሚቀር ሰው እስከ የትኛው ቀን ድረስ ማሳወቅ እንዳለበት ግን አስቀድሞ ይወሰን፤ አለበለዚያ ሰጪው በሌላ ሰው ልክ የገዛውን ይዞ ይቀራል።

በዕለቱ ባዶ እጁን ለሚመጣም አንድ መጠባበቂያ ስጦታ ይዘጋጅ። ገደቡ እስከ 1,000 ብር በሆነበት ቢሮ 14 ሰዎች 70 ብር ቢያዋጡ 980 ብር ይሆናል፤ ለአንድ ስጦታ ይበቃል። መዋጮውን ሒሳብ ክፍል ከደመወዝ እንዲቆርጥ ማድረግ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለእንዲህ ያለ ነገር የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። በእጅ መሰብሰቡ ይሻላል።

የማይሆን ስጦታን በይሉኝታ ማለፍ

አብዛኛው ያልተገጣጠመ ስጦታ የሚመጣው ሰጪው ስለ ተቀባዩ በቂ ስለማያውቅ ነው። ከታኅሣሥ 29 በፊት ባሉት ሳምንታት ኦርቶዶክሳውያን የነቢያት ጾም ላይ ስለሆኑ የቅቤ ብስኩትና የወተት ቸኮሌት አይበሉም፤ ሙስሊም ባልደረባ ወይን ጠጅ ሲደርሰው ደግሞ ጉዳዩ ከመቅመስ አለመቅመስ ያልፋል፣ ጠርሙሱን ይዞ ቤቱ መግባቱ ራሱ ችግር ነው። ሽቶ የሚያስነጥሰው፣ ሸሚዝ የጠበበው፣ አራተኛ የግድግዳ ሰዓት የደረሰው ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበላል። ስለዚህ ስሙን ዝርዝሩ ላይ የሚጽፍ ሰው አጠገቡ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ የማይጠቀመውን እና ቤቱ የሞላውን። «የሚፈልጉትን ይጻፉ» ሲባል ሰው «ምንም ይሁን» ብሎ ይጽፋል፤ የማይጠቀመውን ግን ያለ እፍረት ይጽፋል። መጠጥ፣ ሽቶ እና ልክ የሚጠይቅ ልብስ በደንቡ ቢከለከሉ ደግሞ አብዛኛው ችግር ከሥሩ ይወገዳል።

ያም ሆኖ የማይሆን ስጦታ ይመጣል። ብዙ ሱቆች «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው ስለሚለጥፉ መለወጥ እንደሚቻል ማሰብ ያለበት ሰጪው ነው፤ ከመክፈሉ በፊት ባለሱቁን «እስከ በዓሉ ማግስት ሳምንት ብቀይረውስ?» ብሎ ይጠይቅ፣ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂድ። ደረሰኙን ስጦታው ውስጥ መክተት ግን ዋጋውን ያሳያል። እኛ የምናደርገው ይህን ነው፦ ከዕለቱ ሦስት ቀን በፊት ስጦታው የተቀባዩ ቁጥር ተጽፎበት፣ ደረሰኙም በታሸገ ፖስታ፣ በጨዋታው ለማይሳተፍ አንድ ሰው ይሰጣል። ይህ ሰው ፖስታውን ከፍቶ ከወለሉ በታች የሆነ ወይም ከጣሪያው ያለፈ ካገኘ ለሰጪው ለብቻው ይነግረዋል፤ ሦስቱ ቀን የተሰጡትም ለዚህ ነው። የ250 ብሩ ኩባያ ያኔ ቢታይ ኖሮ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ይስተካከል ነበር፤ ቦርሳውም በሌላ ይቀየር ነበር። ከልውውጡ በኋላ ደግሞ ተቀባዩ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለዚሁ ሰው ዕቃው እንዳልሆነለት ቢነግረው፣ እርሱ ደረሰኙን ይዞ ከዚያው ሱቅ በዚያው ዋጋ በሌላ ዕቃ ያስለውጥለታል። ጥሬ ገንዘብ አይመለስም፤ ሰጪውም አይሰማም። ሁለት ሰዎች ተስማምተው የራሳቸውን ስጦታ መቀያየር ከፈለጉ ግን በዕለቱ፣ ሰጪዎቹ ባሉበት ክፍል ውስጥ ሊሆን አይገባም።

ሁሉም በሰው ፊት እንዲከፍት ማስገደድ

በእኛ ልማድ ስጦታ በሁለት እጅ ተቀብሎ፣ አመስግኖ ማስቀመጥ ነውር የለውም። እያንዳንዱ ሰው መሀል ቆሞ እንዲከፍት ሲደረግ ንጽጽር ይጀመራል፣ ፊትም ይነበባል። መክፈት በፈቃድ ይሁን፤ ሰጪውም ራሱን መግለጥ ካልፈለገ አይጠየቅ። የቁጥሩ ዝርዝር ግን ድግሱ ሲያልቅ ወዲያው መቀደድ የለበትም፤ የመለወጫው አምስት ቀናት እስኪያልፉ ድረስ ዝርዝሩና ደረሰኞቹ ስጦታዎቹን ከተረከበው ከዚያ የማይሳተፍ ሰው ጋር ይቆዩና ያኔ አብረው ይቀደዳሉ።