በቴክኒካል ኢንተርቪው ላይ ያለ ሥራ የቆያችሁበትን ጊዜ እንዴት ታስረዳላችሁ?

እናቴን ሳስታምም 14 ወር ያለ ሥራ ቆይቻለሁ። በጃንጎ የምሠራ ፕሮግራመር ነኝ።

መጀመሪያ ቀኖቹን አስተካክሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችን ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሲቪው ደግሞ በፈረንጅ። የእኔ ደብዳቤ «እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2015» ይላል። ይህ ኦገስት 6 ቀን 2023 ነው። 7 ብቻ ደምሬ 2022 ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ የሌለ የአንድ ዓመት ክፍተት በገዛ እጄ እፈጥር ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ 8።

ክፍተቱን «ፍሪላንስ» ብላችሁ አትሸፍኑት። እኔ ሸፍኜው ነበር። ጠያቂው በቅን ልብ «ሰርቨሩ የት ነበር? ስህተት ሲፈጠር በምን ታውቅ ነበር?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ በኋላ በትክክል የመለስኩትን እንኳ በጥርጣሬ ነበር የሚሰማኝ።

ዋናው መልሱ ነው። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥ፤ ምክንያቱን፣ አሁን ያለውን ሁኔታና የቀረባችሁን ነገር ይያዝ። የእኔ እንዲህ ነበር፦ «ከኦገስት 2023 ጀምሮ 14 ወር እናቴን አስታምሜያለሁ። አሁን ደህና ናት። በነዚያ ወራት ኮድ አልጻፍኩም ማለት ይቻላል። ስተው ጃንጎ 3.2 ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ 5 ወጥቶ ጠበቀኝ። ስለዚህ አንድ የድሮ ፕሮጀክቴን ወደ 5 አሻግሬዋለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን የሠራ ሰው ብቻ ነው ሊላት የሚችለው፤ ጠያቂው ወዲያው «ምን ተበላሸብህ?» ማለቱ አይቀርም። እኔ ላይ የተበላሸው ይህ መስመር ነበር፦

```python
from django.utils.timezone import utc
```

ይህ `utc` ከ4.1 ጀምሮ እንደሚቀር ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ነበር፣ 5.0 ላይ ጨርሶ ወጣ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ የፓይተንን የራሱን መጠቀም፦

```python
from datetime import timezone
utc = timezone.utc
```

ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ይህችን ስናገር ጠያቂው ብዕሩን አስቀምጦ ስለ ሰዓት አያያዝ ወሬ ጀመርን። እናንተም አንድ ትንሽ ፕሮጀክት አሻግሩና የተበላሸውን መዝግቡ። ኮርስ ተከታትዬ ሰርተፊኬት አገኘሁ ከማለት ይህ በጣም ይሻላል ባይ ነኝ።

የበሽታውን ስም፣ የቤት ጣጣውን መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። «የቤተሰብ ጉዳይ ነበር፣ አሁን አልቋል» ማለትም እውነት ነው፣ በእርግጥ ካለቀ። ገና ካላለቀ ግን «በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከተቀጠራችሁ በኋላ ከሚሰሙት ያኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ኮድ አሳዩን ካሉ ደግሞ እንዳለ አሳዩ። `git log` ላይ የ14 ወር ባዶ ቦታ ይታያል፤ ይታይ። ቀኑን ወደ ኋላ መቀየር እንደሚቻል ጠያቂውም ያውቃል።