አዜላይክ አሲድ ቶሎ በሚቆጣ ፊት ላይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ባሉት ፋርማሲዎች "ለቡጉርና ለጥቁረት የሚሆን፣ ግን የማያቃጥል" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አዜላይክ አሲድ ጥሩ መልስ ነው። "የማያቃጥል" የምትለዋ ቃል ግን ትንሽ መታረም አለባት። መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

አዜላይክ አሲድ በስንዴና በገብስ ውስጥ ይገኛል፤ ቆዳችን ላይ የሚኖር ፈንገስም ያመርተዋል። ሥራው ቆዳን መላጥ አይደለም። የተቆጣን ቆዳ ያበርዳል፣ ቡጉርን የሚያባብሰውን ባክቴሪያ ይቀንሳል፣ የቆዳ ቀለም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ኢንዛይምም ይገታል። በተለይ የሚይዘው ከልክ በላይ የሚሠሩትን የቀለም ሴሎች ስለሆነ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ አያነጣም። ሌሎች መድኃኒቶች የማይስማሙት ፊት ይህን የሚችለው ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡሮችም ከሐኪም ጋር ተማክረው ሊጠቀሙበት ከሚችሉት ጥቂት የቡጉር መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ማቃጠሉን አለርጂ ነው ብሎ መጣል

በተቀቡት በደቂቃዎች ውስጥ የሚጀምር መቆጥቆጥና ማሳከክ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይበርዳል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 እስከ 4 ሳምንታት ውስጥም እየቀነሰ ይሄዳል። አለርጂ ሌላ መልክ አለው። የዐይን ሽፋን ያብጣል፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይወጣል፣ ሽፍታው መድኃኒቱ ካልነካው ቦታ ድረስ ይዘልቃል። ይህን ካዩ ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ነገር አለ። መለብለቡ እስከ ማግስቱ ከቆየ፣ ፊት ከተወጠረና መላጥ ከጀመረ፣ አለርጂ ሳይሆን ቆዳው ከአቅሙ በላይ ተሰጥቶታል። ሦስት አራት ቀን አቁመው ማለስለሻ ብቻ ይቀቡ፤ ከዚያ ቀኖቹን አራርቀው ይመለሱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው መድኃኒቱ ሳይሆን ፊቱ ላይ የቀረው ውሃ ላይ ነው። እርጥብ ቆዳ መድኃኒቱን በፍጥነት ያስገባል። ለብ ባለ ውሃ ከታጠቡ በኋላ በፎጣ ሳያሹ እየነኩ ያድርቁ፣ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ይቀቡ። ከሙቅ ሻወር እንደወጡ መቀባት በጭራሽ አይመከርም።

ከመጀመሪያው ቀን ጠዋትና ማታ መቀባት

ማሸጊያው ላይ "በቀን ሁለት ጊዜ" ስለሚል ብዙ ሰው እንደዚያው ይጀምራል። ለሚቆጣ ፊት ግን እዚያ የሚደረሰው ቀስ ተብሎ ነው። ጉንጯ ቶሎ የሚቀላ፣ አገጯ ላይ ትናንሽ ቡጉርና ቡጉር ጥሎት የሄደ ጥቁረት ያለባት፣ ባለ 15 ፐርሰንት ጄል የገዛች ሴት እንውሰድ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ማታ ብቻ ትቀባለች። መጀመሪያ ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ስስ አድርጋ ትቀባና እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ ጄሉ ከላዩ ይሄዳል። መጠኑ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ የሚወጣ መስመር ነው፤ ይህ ግማሽ ግራም ገደማ ሲሆን ለመላው ፊት ይበቃል። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ማታ ማታ ትቀባለች። 5ኛው ሳምንት ላይ መቆጥቆጡ ከበረደ ጠዋትን ትጨምራለች፤ ካልበረደ አትቸኩልም።

ሂሳቡን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት 10 ግራም ይወስዳሉ። ከ5ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት በቀን አንድ አንድ ግራም ሲሆን 56 ግራም ይመጣል። 30 ግራም የሚይዘው አንድ ቱቦ እንግዲህ ሰባት ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል፤ ለ12 ሳምንታት ሦስት ቱቦ ያስፈልጋል። አንዱን ጨርሶ "አልሠራም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው የተወው። ቡጉሩ በአንድ ወር ገደማ መቀነስ ሊጀምር ይችላል፤ ጥቁረቱ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። መስታወት ስለሚያታልል በየአራት ሳምንቱ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ጥቁረቱ ላይ ብቻ ነጠብጣብ እያደረጉ መቀባትም ትርፉ ትንሽ ነው። ነገ የሚወጣው ቡጉር ዛሬ ከሚታየው ጎን ስለሆነ አካባቢውን በሙሉ ይቀቡ። ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ግን በቅባት አይሞላም።

ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ደብቆ ማስቀጠል

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፊት ለማቅላት ወይም ማዲያት ለማጥፋት የሚሸጡ አንዳንድ ክሬሞችና ድብልቆች ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የተባለ ስቴሮይድ አለባቸው። ፊቱ በሳምንት ውስጥ ይጠራል፣ ያበራል። አንድ ሁለት ቀን ሳይቀቡት ከቀሩ ግን ይቀላል፣ ይጋላል፣ ትናንሽ ሽፍታ ያወጣል፤ መልሰው ሲቀቡት ይበርዳል። ይህን ዑደት ያየ ሰው ፊቱ ስቴሮይዱን ለምዷል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ክሬሙን በአንድ ቀን ጥሎ በማግስቱ አዜላይክ አሲድ ቢጀምር ስቴሮይዱ ሲቀር የሚመጣው ቁጣ ሁሉ በአዲሱ መድኃኒት ይሳበባል። አስቀድሞ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄዶ የሚጠቀሙበትን ክሬም ከነማሸጊያው ማሳየት ያስፈልጋል። ማሸጊያ የሌለው፣ በትንሽ ብልቃጥ ተቀላቅሎ የተገዛ ከሆነም እሱኑ ይዞ መሄድ ነው። አያሳፍርም፤ ሐኪሙ በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው።

ከሎሚ፣ ከስክራብና ከሌላ አሲድ ጋር ማዳበል

ሎሚ ቆዳን ያቆስላል፤ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ራሱ ጥቁረት ጥሎ ይሄዳል። ግላይኮሊክ አሲድ፣ ሬቲኖልና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት እስኪያልፉ አይጀመሩ። ሁሉንም ባንድ ላይ የጀመረ ሰው ፊቱ ሲቆጣ የትኛውን እንደሚያቆም አያውቅም።

ፀሐዩንና እሳቱን መርሳት

አዜላይክ አሲድ እንደ አንዳንድ መድኃኒቶች ቆዳን ለፀሐይ አያጋልጥም። ጥቁረቱን መልሶ የሚያጠቁረው ግን ፀሐይ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቀርባ የተቀመጠች ናት። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ብቻ ፀሐዩ ደካማ ይመስላል። የክረምት ደመናም ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያግድም። ጠዋት ጄሉ ከደረቀ በኋላ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ፣ በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ለፊትና ለአንገት ይቀቡ። ማዲያት ላለበት ሰው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ይሻላል፤ ማዲያትን የሚያባብሰው የሚታየው ብርሃን ጭምር ስለሆነ።

ጉንጫቸው የሚቀላባቸው ሰዎች ሌላም ነገር ማየት አለባቸው። በጠይም ፊት ላይ መቅላት ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ሆኖ፣ ከመልኩ ይልቅ በግለቱ ይታወቃል። የምጣድ ወላፈን፣ ትኩስ ቡና፣ ሚጥሚጣና አልኮል ይቀሰቅሱታል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ጄሉን ከምጣዱ በፊት ሳይሆን ማታ፣ ፊት ከቀዘቀዘ በኋላ መቀባት መቆጥቆጡን በግልጽ ይቀንሰዋል።