«ፎርጅድ ነው» ከማለታችሁ በፊት

የደረሰኝ ፎቶ እየላካችሁልኝ «ይሄ ፎርጅድ አይደለም ወይ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ከፎቶ አይታወቅም።

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ በክልል ከተማ ላለው ቤቱ ግብር እንዲከፍልለት ለአክስቱ ልጅ ብር ላከ። በቴሌግራም የመጣው የእጅ ጽሑፍ ደረሰኝ ላይ አንዷ አሃዝ ከሌሎቹ ወፍራለች፣ ዙሪያዋም ነጣ ብሏል። ማህተሙ ደግሞ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ወዳጄ አሃዟን በቀይ አክብቦ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ለጠፈው፤ አክስቱም አዩት።

ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ይጨምቃል፤ ጭመቃው በጥቁር ጽሑፍ ዙሪያ የነጣ ጠርዝ ይተዋል። የስልክ ስካን አፕ ደግሞ ወረቀቱን ሊያነጣ ሲል ጥላውን አጥፍቶ የማህተሙን ቀለም ያደምቀዋል፤ የተለጠፈ የሚያስመስለው ይሄ ነው። ወፍራሟ አሃዝስ? እስክሪብቶ አልጽፍ ሲለው ገንዘብ ያዡ ይደግምበታል። አጭበርባሪም ይደግማል፤ ፎቶው ሁለቱን አይለይላችሁም። ጥርት ያለ ፎቶም ቢሆን ለትክክለኛነቱ ዋስ አይሆንም።

መጀመሪያ ያለ ክስ፣ «ለፋይሌ ፈልጌው ነው፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን በፋይል ላክልኝ፣ ዋናውንም አስቀምጥልኝ» በሉ። ከዚያ የደረሰኙን ቁጥርና ቀን ይዞ ቢሮ የሚሄድ ሰው ፈልጉ፤ የካርቦኑ ቀሪ እዚያ ጥራዙ ላይ ነው። የባንክ ወረቀት ከሆነ የግብይት ቁጥሩን ባንኩ ያጣራል። በዚያው ቤት ውርስ የሚከራከረውን ወንድማችሁን ግን እንዳትልኩ። የሚጠቀም የሚጎዳበት የሌለው ሰው ይሂድ፤ ጥያቄውም «ፎርጅድ ነው ወይ?» ሳይሆን «በዚህ ቁጥር ስንት ብር ገብቷል?» ይሁን።

ቀሪው ላይ ያለው ብር ቢያንስም ገና አልጨረሳችሁም። ካርቦኑን አንስቶ ለከፋዩ ሙሉውን፣ ቀሪው ላይ ያነሰ የሚጽፍ ገንዘብ ያዥ አለ። ስለዚህ የከፋዩ ዋና ወረቀት መታየት አለበት። አሃዙ እዚያ ላይ ተፍቆ ወይም በሌላ ቀለም ተቀጥሎ ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ ዘመዳችሁ ያዘነብላል፤ ንጹህ ከሆነ መጠየቅ ያለበት ቢሮው ነው። የቀለምና የእጅ ግፊት ልዩነት የሚመረምር ባለሙያም የሚፈልገው ወረቀቱን እንጂ ፎቶውን አይደለም።

የወዳጄ ደረሰኝ ከቀሪው ጋር አንድ ሆነ። የአክስቱ ልጅ ግን ቁልፉን መልሶ «ሌላ ሰው ፈልግ» ብሎታል። ግሩፕ ላይ የወጣ ስም በይቅርታ አይመለስም፤ ይቅርታውን የሚያነበው ሁሉም አይደለም።

ይህን ስል ዝም ብላችሁ ብር ላኩ ማለቴ አይደለም። እስኪጣራ ድረስ የሚቀጥለውን ብር ማቆየት ማንንም መክሰስ አይደለም፣ ምክንያት እንኳ መናገር አይጠበቅባችሁም። ለዘመዳችሁ የሰጣችሁትን ውክልና ለመሻር ግን የቀሪውንና የዋናውን ወረቀት መልስ ጠብቁ።