የጨረታ ማስታወቂያና ሰነድ እንዴት ይነበባል?

ጋዜጣ ላይ የወጣ የጨረታ ማስታወቂያ የሚነግርዎት ጥቂት ነገር ነው። ዋናው ጉዳይ ያለው ሰነዱ ውስጥ ነው። ሰነዱ ደግሞ ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው የዋጋ መሙያውን ፈልጎ ሌላውን ያልፈዋል። እዚያ ነው ችግሩ።

በምሳሌ እንሂድ። አንድ መስሪያ ቤት የዕቃ ግዥ ጨረታ አወጣ እንበል። ሎት 1 የቢሮ ፈርኒቸር፣ ሎት 2 ኮምፒውተርና ፕሪንተር ነው። እርስዎ የፈርኒቸር ነጋዴ ነዎት።

1. ሰነዱን ከመግዛትዎ በፊት

ለሰነዱ የሚከፈለው ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ንግድ ፈቃድዎን አውጥተው የሥራ ዘርፉን ያንብቡ። "በዘርፉ የታደሰ ንግድ ፈቃድ" ሲባል ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ዘርፍ ከሚቀርበው ዕቃ ጋር መግጠም አለበት ማለት ነው። የፈርኒቸር ፈቃድ ይዘው ሎት 2 ውስጥ ቢገቡ ዋጋዎ ሳይታይ ይወድቃሉ። አንዱን ሎት ብቻ መወዳደር ይቻል እንደሆነም ይፈትሹ።

ቀጥሎ ቀኑን ይቁጠሩ። "15 ተከታታይ ቀናት" እና "15 የሥራ ቀናት" በጣም ይለያያሉ። ጨረታው በኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ በፖስታ አይገባም። ካልተመዘገቡ ምዝገባውን ዛሬውኑ ይጀምሩ።

2. መጀመሪያ የሚገለጠው ገጽ

ሰነዱን ሲያገኙ ከመጀመሪያው ገጽ አይነሱ። የተጫራቾች መመሪያው ለሁሉም ጨረታ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የዚህን ጨረታ ልዩ ነገር የያዘው "የጨረታ ዝርዝር መረጃ ሠንጠረዥ" የሚባለው ክፍል ነው። ሁለቱ ከተለያዩ የሚያዘው ሠንጠረዡ ነው። ስንት ኮፒ እንደሚገባ፣ ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነ፣ ማብራሪያ እስከ መቼ እንደሚጠየቅ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ከሁሉም በላይ የጨረታ ማስከበሪያውን፣ ማለትም ለመወዳደር የሚያስይዙትን ዋስትና፣ ያጥኑ። ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ መጠኑ፣ ዓይነቱ እና የሚጸናበት ጊዜ። መጠኑ ለእያንዳንዱ ሎት ለብቻው ሊሆን ይችላል። ዓይነቱ ላይ "ሲፒኦ ወይም ቅድመ ሁኔታ የሌለው የባንክ ዋስትና" ከተባለ የኢንሹራንስ ቦንድ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ሠንጠረዡ የመወዳደሪያ ሐሳቡ ለ60 ቀን ይጸናል፣ ማስከበሪያው ደግሞ ከዚያ 28 ቀን ይበልጣል ይላል እንበል። ጨረታው ጥር 20 ከተዘጋ 60ው ቀን መጋቢት 20 ያልቃል። ማስከበሪያው ግን እስከ ሚያዝያ 18 መጽናት አለበት። ባንኩ መጋቢት 20 ብሎ ከጻፈልዎት 28 ቀን ጎደለ፤ ይህ ውድቅ ያደርጋል። ባንክ ሲሄዱ "60 ቀን" ብለው አይንገሩ፤ የመጨረሻውን ቀን ጽፈው ይስጡ።

3. አባሪዎቹ

አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ያስምሩ። በአንዱ ያለዎትን፣ በሌላው ገና የሚወጣውን ይጻፉ። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን እና የቫት ሰርተፍኬት ብዙውን ጊዜ እጅዎ ላይ ናቸው። የታክስ ክሊራንስ ግን ቀን የሚያልፍበት ነገር ነው፤ የአገልግሎት ጊዜውንም ለጨረታ መሰጠቱንም ይዩ።

የሥራ ልምድም ሲጠየቅ አገላለጹን ልብ ይበሉ። "ባለፉት 3 ዓመታት ተመሳሳይ ዕቃ ያቀረበ፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ያለው" ከተባለ፣ የውል ኮፒ ብቻውን አይበቃም። ውሉን ተፈራርመዋል እንጂ ዕቃውን ማስረከብዎን አያሳይም። የሰነዱን ቅጾችም በራስዎ ደብዳቤ አይተኩ፤ ያው ቅጽ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ይግባ።

4. አሸናፊው እንዴት ይለያል?

የግምገማ መስፈርቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ "ያሟላል፣ አያሟላም" ነው። ዝርዝሩን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። እዚህ ላይ ከተጠየቀው በላይ ጥራት ማቅረብ ነጥብ አያስጨምርም፤ ዋጋዎን ብቻ ያስወድዳል።

ሌላው በነጥብ ነው። ለቴክኒክ 70፣ ለዋጋ 30 ተሰጠ እንበል። እርስዎ በቴክኒክ ከ100 ላይ 85 አግኝተው 1,000,000 ብር አቀረቡ። ተፎካካሪዎ 75 አግኝቶ 900,000 አለ። የእርስዎ ቴክኒክ 59.5 ይሆናል። የዋጋ ነጥብዎ፣ ዝቅተኛው ዋጋ ለእርስዎ ዋጋ ተካፍሎ በ30 ሲባዛ፣ 27 ነው። ድምሩ 86.5። እሱ 52.5 እና 30 ተደምሮ 82.5። 100,000 ብር አስወድደው አሸነፉ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጨረታ ዋጋ ከመቁረጥ ይልቅ ነጥብ የሚያመጣውን ማስረጃ ማሟላት ይሻላል። ዝቅተኛ የማለፊያ ነጥብ ካለም ይመልከቱ፤ ከዚያ በታች ያገኘ ሰው የዋጋ ፖስታው አይከፈትም።

ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ በስልክ አይጠይቁ። በጽሑፍ ያስገቡና የተቀበሉበትን ኮፒ ያስቀሩ። ሰነዱን ሲገዙ ስምዎንና አድራሻዎን በትክክል ያስመዝግቡ፤ ማሻሻያ ከወጣ የሚደርስዎት በዚያ ነው። ፖስታውን ከማሸግዎ በፊት ማሻሻያ ወጥቶ እንደሆነ አንዴ ደውለው ያረጋግጡ።