የእናቶች ማቆያው ለምን ባዶ ቀረ? የባለድርሻ አካላት ትንተና ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእናቶች ማቆያ ቤት መሥራት ከባድ አይደለም። ቤቷ ከጤና ጣቢያ የራቀ ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ቀን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጥታ የምታርፍበት፣ ምጥ ሲጀምራት አዋላጇ አጠገቧ የምትሆንበት ቤት ነው። ጣጣው ከግንባታው በኋላ ይመጣል። ማን ያበስላል? ዱቄቱና ማገዶው ከየት ይመጣል? እናቲቱ ስትወጣ ቤቷን ማን ይይዝላታል? ለዚህ ሁሉ የሚነካካው ወገን ብዙ ነው፦ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ቀበሌ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ዕድር፣ ካህናት፣ የልምድ አዋላጆች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ረጂው ድርጅት፣ ባል፣ አማት።

እንዲህ ባለ ፕሮጀክት ሥልጠና ላይ ሁላችንም የምናውቀው የባለድርሻ አካላት ትንተና ሥዕል ይወጣል። አንድ ትልቅ ወረቀት በአራት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ወገን በነጥብ ይቀመጥበታል። ወደ ላይ የተጽዕኖ አቅም፣ ወደ ጎን ፍላጎት። ሁለቱም ከፍ ያለለትን «አብራችሁት ሥሩ»፣ ተጽዕኖው ብዙ ሆኖ ፍላጎቱ ያነሰውን «አታስከፉት»፣ ፍላጎቱ ብዙ ሆኖ አቅም የሌለውን «አሳውቁት»፣ ሁለቱም ያነሱለትን «በሩቁ ተከታተሉት» ይላል። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ጤና ጣቢያ ከሠራሁባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ አምስት ቀበሌ፣ ወደ 25,000 ሕዝብ፣ ስምንት አልጋ ያለው ማቆያ። ሥዕሉን በሚገባ ሠርተን ነበር። ቤቱ ግን ለሦስት ወር ያህል ባዶውን ከረመ።

አንደኛ፦ «ለፕሮጀክቱ» ብሎ አንድ ሥዕል መሥራት

እኛ የወረዳውን አስተዳዳሪ የቀኝ ላይኛው ጥግ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ማንም አልተቃወመም። ተጽዕኖ ግን ሁልጊዜ «በምን ላይ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። የኛ ማቆያ ቢያንስ ሦስት ውሳኔዎች ነበሩበት። የምግቡና የማገዶው ወጪ በወረዳው በጀት ይያዝ አይያዝ፤ አንዲት እናት ሁለት ሳምንት ከቤቷ ትውጣ አትውጣ፤ ቀኑን ሳትጠብቅ በሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በምን ትምጣ።

ለመጀመሪያው የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊና ካቢኔው ወሳኝ ናቸው፤ ያውም በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ካልተነገራቸው ነገሩ ለአንድ ዓመት አለቀ። ለሦስተኛው የአምቡላንሱ ሾፌርና ነዳጅ የሚፈርመው ሰው፣ አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ከሄደ ደግሞ በሌሊት ስልኩን የማያጠፋ ባለባጃጅ። ለሁለተኛው ግን አስተዳዳሪው ቢፈልጉም አንዲት ሴት ከቤቷ ማስወጣት አይችሉም። እዚያ ላይ ያለው ባልየው ነው፤ ከሱም በላይ እናቱ። ወልዳ ያሳደገችው አማት «እኔ ስድስት የወለድኩት ጎጆዬ ውስጥ ነው» ካለች ውይይቱ እዚያው ተዘጋ። በኛ ሥዕል ላይ አማት የሚባል ሰው ጭራሽ አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ። ሦስት ውሳኔ ካለ ሦስት ወረቀት ነው። አድካሚ ይመስላል፤ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ከግማሽ ሰዓት አይበልጡም፣ ሰዎቹን አስቀድማችሁ ዘርዝራችኋቸዋልና።

ሁለተኛ፦ መሥሪያ ቤትን እንደ አንድ ሰው መቁጠር

«ወረዳ ጤና» ብለን አንድ ነጥብ አኖርን። ውስጡ ግን ኃላፊው አለ፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ባለሙያዋ አለች፣ አምቡላንሱን የሚያሰማራው አለ። ባለሙያዋ ለማቆያው ትሞትለታለች፤ ፊርማ ግን የላትም። ኃላፊው ፊርማው አለው፤ ያ ወር ግን በክትባት ዘመቻ ተወጥሮ ነበር። ሁለቱን በአንድ ነጥብ ብታስቀምጧቸው መሐል ላይ ይውላሉ፤ መሐል ላይ ያለ ሰው ደግሞ በእውኑ ዓለም የለም።

ዕድርም እንዲሁ ነው። የዕድሩ ዳኛ «እህል እናዋጣለን» ብለው በስብሰባ ላይ ቃል ገቡልን። ነገር ግን ገንዘቡ በደንቡ መሠረት ለሐዘን የተቀመጠ ነው፣ ወደ ሌላ ለማዞር አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ መስማማት ነበረባቸው። ዳኛውና አባላቱ ሁለት ነጥብ መሆን ነበረባቸው ማለት ነው።

«ማኅበረሰቡ» የሚለውን ነጥብ ግን ጨርሶ ሰርዙት። ከጤና ጣቢያው አሥር ደቂቃ የምትርቅ ሴትና አራት ሰዓት የምትጓዝ ሴት ስለማቆያው የሚያስቡት አንድ አይደለም።

ሦስተኛ፦ «ፍላጎት» የሚለውን ቃል በቁሙ መውሰድ

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ምንጩም ቋንቋችን ይመስለኛል። «ፍላጎት» ስንል መሻት፣ መውደድ እንሰማበታለን። ስለዚህ «የልምድ አዋላጆች ለማቆያው ያላቸው ፍላጎት ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ «የላቸውም፤ ዝቅተኛ» ይላል። የሥዕሉ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ነገሩ ምን ያህል ይነካቸዋል? ቢሳካ ወይም ቢከሽፍ ስንት ያገኛሉ፣ ስንት ያጣሉ?

በኛ ቀበሌ አንዲት የልምድ አዋላጅ ነበሩ፤ የመንደሩ ሰው እማማ ይላቸዋል። በሁለተኛው ውሳኔ ላይ ሦስታችን ከአንድ እስከ አምስት በየግላችን ነጥብ ሰጠን። እኔ ለፍላጎት 1 ሰጠሁ፤ አስተባባሪው 2፤ ጤና ኤክስቴንሽኗ ግን 5። ምክንያቷን ስንጠይቃት «ሴት ሁሉ ጤና ጣቢያ ከወለደች የእማማን ደጅ ማን ይረግጣል? ቡና ላይ የሚቀመጡበት ቦታ እንኳ ይቀየራል» አለችን። ተጽዕኖ ላይም እኔ 2 ስል እሷ 4 አለች፤ የመንደሩ አማቶች የሚያማክሩት እሳቸውን ነውና። እኔ በሩቁ የምንከታተላቸው ጥግ ላይ ያስቀመጥኳቸው ሴት ለካ ማቆያውን ባዶ ሊያስቀሩ ከሚችሉት ሁለትና ሦስት ሰዎች አንዷ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር እናደርጋለን። በጎን ያለውን መስመር «ፍላጎት» ማለት ትተን «ጉዳዩ የሚነካው» እንለዋለን። በእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብም ምልክት እናኖራለን፦ ለሚደግፍ መደመር፣ ለሚቃወም መቀነስ፣ ላልታወቀ ጥያቄ ምልክት። እማማ 4 እና 5 ነጥብ ከመቀነስ ምልክት ጋር አገኙ። እንዲህ ያለ ሰው «አብራችሁት ሥሩ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ቢውልም አሠራሩ ከደጋፊው ይለያል፤ የሚያጣውን ነገር መመለስ ያስፈልጋል። እሳቸው የሚያጡት ክብር ነበር። ስለዚህ እናቶቹን ይዘው እንዲመጡ፣ በጤና ጣቢያው የገንፎ ሥነ ሥርዓት ላይም ከፊት እንዲቀመጡ ተደረገ። ማዋለዱ የባለሙያ ሆነ፤ ሴቲቱን እጇን ይዞ ማምጣቱ የሳቸው። ምልክታቸው ወደ መደመር የዞረው ወዲያው አይደለም፤ ለአንድ ወር ያህል ጥያቄ ምልክት ላይ ቆይቷል።

ነጥብ አሰጣጡም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በየግል፣ በወረቀት፣ ሳይነጋገሩ ይሁን። ተነጋግራችሁ ከሰጣችሁ ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው ሰው ያለው ቁጥር ያልፋል፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ 5 በጭራሽ አይሰማም ነበር። በሁለት ሰዎች መካከል የሁለት ነጥብ ልዩነት ሲታይ አማካይ አታውጡ፤ «ምን ስላየህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፦ ነፍሰ ጡሮቹን «አሳውቁ» ላይ ትቶ መሄድ

ሥዕሉ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ኦብሪ ሜንደሎ ነገሩን ያሰበው ለድርጅት አመራር ነው። ለኩባንያ አቅም የሌለውን ባለጉዳይ ማሳወቅ ሊበቃ ይችላል። ጤና ላይ ግን ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚነካቸውና አቅም የሌላቸው ሰዎች ፕሮጀክቱ የተሠራላቸው ራሳቸው ናቸው። እነሱን «አሳውቁ» ማለት ፖስተር ለጥፎ መሄድ ነው፤ እኛም ለጥፈናል።

በየወሩ በሚደረገው የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ላይ አንድ ቀን ፖስተሩን ትተን «ለምን አትመጡም?» ብለን ጠየቅን። አንዷ ጡት ያልጣለ ልጅ ስላላት፣ ማቆያው ደግሞ ልጅ ይዞ መግባትን ስለማይፈቅድ መሆኑን ተናገረች። ሌላዋ ቡና የለም አለች፤ ሰው ከት ብሎ ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ሁለት ሳምንት ያለ ቡና፣ ያለ ጎረቤት፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ መዋል ለሷ ሕመም ነው። ሁለቱም ነገሮች የሚፈቱት በብር አይደለም፤ የጤና ጣቢያውን ደንብ በመቀየርና ጀበናና ምድጃ በማስገባት ነው።

መድኃኒቱ እነሱን በሥዕሉ ላይ ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ማለትም አንድ እውነተኛ ውሳኔ በእጃቸው መስጠት። እኛ ዘንድ የማቆያውን የውስጥ ደንብ ኮንፈረንሱ እንዲያጸድቅ ሆነ፤ በጤና ጣቢያው ቦርድም አንዲት ወልዳ የሄደች እናት ተቀመጠች። ይህን የሚመስል ለውጥ በሥዕሉ ላይ በቀስት ይታያል፦ ነጥቡ አሁን ያለበት፣ ልናደርሰው ያሰብንበት። ቀስት የሌለው ሥዕል ያለውን ሁኔታ ፎቶ ከማንሳት አያልፍም።

አምስተኛ፦ ቀን አለመጻፍ፣ ወረቀቱንም ግድግዳ ላይ መተው

ኃላፊዎች ይዛወራሉ። አጨዳ ሲደርስ እስከ ትናንት ደጋፊ የነበረ ባል ሚስቱን ለሁለት ሳምንት መልቀቅ ይከብደዋል፤ ምልክቱም ይቀየራል። በወረቀቱ ጥግ ቀን ጻፉ፤ በየሦስት ወሩ፣ እንዲሁም ኃላፊ በተቀየረ ሳምንት፣ እንደገና ክፈቱት። ጠቅላላውን መድገም አያስፈልግም፤ «ማን ተንቀሳቀሰ?» ብቻ በቂ ነው።

የግድግዳውን ነገር የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ ወርክሾፕ ጨርሰን ወረቀቱን አዳራሹ ውስጥ ተለጥፎ ተውነው። በማግሥቱ በዚያው አዳራሽ ሌላ ስብሰባ ነበር፤ ስማቸው «ተጽዕኖው ብዙ፣ ፍላጎቱ ያነሰ» ከሚለው ሳጥን ውስጥ በቀይ ማርከር የተጻፈ አንድ ኃላፊ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ዋሉ። የድጋፍ ደብዳቤያችንን ለመፈረም ሰባት ሳምንት ፈጀባቸው። አሁን ሥዕሉ ላይ የምናኖረው ቁጥር ነው፤ የስም ዝርዝሩ በአስተባባሪው ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ይቀራል፤ ከአዳራሹ የሚወጣ የመጨረሻው ሰውም ወረቀቱን ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል።